ለውጭ አገር እንግዳ በሁለት ቋንቋ የሚጻፍ የይቅርታ ደብዳቤ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሀዋሳ ውስጥ ሆቴል የሚመሩ ወዳጆቼ አልፎ አልፎ ይደውሉልኛል። ነገሩ ሁሌ አንድ ነው። «አንድ ፈረንጅ ቅሬታ ጽፎብናል፤ ይቅርታ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ልንጽፍ ነው፤ እስቲ እየው።» እኔም ለዓመታት ሪሴፕሽን ጀርባ ቆሜ ስለነበር አያለሁ። ጥያቄዎቹ ስለሚደጋገሙ መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ምሳሌ የማደርገው አንድ ጉዳይ ነው፤ እኔ ስሠራ የደረሰ ነው፤ ሆቴሉንም እንግዳዋንም ስም አልጠራም።

መጀመሪያ ጉዳዩን ንገረን። ምን ተፈጠረ?

የጥምቀት ማግስት ነው፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ሰኞ። ከተማው ገና ከበዓሉ አልተነሳም። አንዲት የውጭ አገር እንግዳ እሁድ ማታ ሪሴፕሽን መጥታ «ነገ በስድስት ሰዓት ወደ አየር ማረፊያ የሚወስደኝ መኪና እፈልጋለሁ» አለች፤ በእንግሊዝኛ። የማታው ተረኛ ልጅ «ኦኬ» ብሎ ሎግ ቡኩ ላይ «ነገ 6 ሰዓት፣ መኪና፣ ኤርፖርት» ብሎ ጻፈ። ሹፌሩ መዝገቡን አየ። 6 ሰዓት ማለት ለሱ ምሳ ሰዓት ነው። ተኛ።

እንግዳዋ ጎህ ሲቀድ ሻንጣዋን ይዛ ወረደች። ዘበኛውን በምልክት ጠየቀችው። ዘበኛው መዝገቡን አይቶ በስድስት ጣት «ስድስት፣ ስድስት» አላት። እሷ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አሳየችው። ስድስት ተኩል ይላል። እንግዶች ስላሉ ተብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት ነው። ሁለቱም ልክ ነበሩ። በረራው ግን አመለጣት። ቀጣዩ ትኬት የተገኘው ለማግስቱ ስለነበር አንድ ሌሊት ጨምራ አደረች፤ እኛም አሳምረን አስከፈልናት። ቅሬታው የመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

እንግዳዋ አማርኛ አታነብም። አማርኛው ለምን ያስፈልጋል?

ለእናንተ ነው። እንግሊዝኛው ለእሷ ነው፤ አማርኛው ለሆቴሉ ባለቤት፣ ለሂሳብ ክፍልና ለፋይሉ ነው። ገንዘብ የሚመለስ ከሆነ ሂሳብ ክፍል ያለ ደብዳቤ ወጪ አይሠራም፤ ደጋፊ ሰነድ ይላል። ቅሬታው ወደ ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቢሄድም የምታቀርቡት አማርኛውን ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። «አታነበውም» ብላችሁ አማርኛው ላይ ሌላ ነገር እንዳትጽፉ። እንግሊዝኛው «ጥፋቱ የኛ ነው» እያለ፣ አማርኛው «በእንግዳዋ በኩል በተፈጠረ አለመግባባት» የሚል ደብዳቤ አይቻለሁ። ዛሬ ማንም ሰው ስልኩን ደብዳቤው ላይ ደግኖ ማስተርጎም ይችላል። ያኔ ሁለተኛው ቅሬታ ከመጀመሪያው ይብሳል።

አማርኛውን ጽፌ ላስተርጉመው ወይስ ከእንግሊዝኛው ልጀምር?

ከሁለቱም አትጀምሩ። ባዶ ወረቀት ላይ አምስት መስመር ጻፉ። ምን ጠየቀች? ምን ብለን ተቀበልን? ምን ሆነ? ምን አጣች? ምን እንመልሳለን? ሎግ ቡኩን፣ ደረሰኙንና ቅሬታዋን ጎን ለጎን አስቀምጡ። አምስቱ መስመሮች ከሦስቱ ወረቀቶች ጋር ሲገጥሙ ያኔ ሁለቱን ደብዳቤ ከዚያው ነጥብ ጻፉ።

ቃል በቃል መተርጎም የሚያበላሸው አጀማመሩን ነው። የኛ ደብዳቤ ሰላምታ ይወዳል። «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን፣ ሆቴላችን ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ…» ብሎ ይሄዳል። አማርኛ አንባቢ ይህን ዘሎ ወደ ጉዳዩ መሄድ ያውቅበታል። የተናደደች ፈረንጅ ግን መጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይቅርታ ካላየች ስለራሳችሁ ልታወሩ የመጣችሁ ይመስላታል። እንግሊዝኛው ላይ ይቅርታው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ይግባ።

ሰዓቱን በሁለቱ ላይ እንዴት ልጻፍ?

ይህ ነው ዋናው። በሰዓት የተነሳ ቅሬታ በሰዓት ስህተት ሲመለስ አስቡት። የኛ ደብዳቤ የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ በትክክል ይህ ደርሷል። አማርኛው «ከጠዋቱ 12 ሰዓት» ይላል። የተረጎመው ልጅ 12 ቁጥሯን እንዳለች ወሰዳት፤ እንግሊዝኛው ላይ እንግዳዋ መኪና የጠየቀችው እኩለ ቀን ላይ ሆነ። ማለትም «እኩለ ቀን ጠየቅሽን፣ እኩለ ቀን አመጣንልሽ» የሚል ደብዳቤ ልንልክላት ነበር።

ስሌቱ የታወቀ ነው፤ ስድስት መደመር ወይም ስድስት መቀነስ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት በእነሱ 06:00 ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት 12:00 ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት 20:00 ነው። እንግሊዝኛው ላይ በ24 ሰዓት አጻጻፍ፣ ሁለት አኃዝ፣ ሁለት ነጥብ፣ ሁለት አኃዝ አድርጋችሁ ጻፉ። «ጠዋት» ነው «ማታ» ነው የሚል ክርክር አያስነሳም። አማርኛው ላይ ደግሞ ቁጥሩን ብቻ አትተዉ፤ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከሌሊቱ» የሚለው ሁሌ ይኑር። ተረኛው ልጅ «6 ሰዓት» ከማለት ይልቅ «ከጠዋቱ 6 ሰዓት» ብሎ ቢጽፍ እንኳ ሹፌሩ ግራ ይጋባና ይደውል ነበር። ከጠዋቱ 6 ሰዓት የሚባል ነገር በኛ የለማ።

ሌሊት ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ለኛ ቀኑ የሚቀየረው ሲነጋ ነው። ጥር 11 ማታ ሥራ የገባ ተረኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሆነን ነገር «ጥር 11፣ ሌሊት 8 ሰዓት» ብሎ ይመዘግባል። በእነሱ አቆጣጠር ግን እኩለ ሌሊት አልፏል፤ 02:00 ነው፣ ቀኑም ጃንዋሪ 20 እንጂ 19 አይደለም። የጩኸት፣ የመብራት መጥፋት፣ የሙቅ ውሃ ቅሬታዎች አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ናቸው። ደብዳቤው ላይ ቀኑ በአንድ ከተዛነፈ እንግዳው «መዝገቡን እንኳ አላዩም» ይላል።

ቀኑስ?

አማርኛው ላይ በኛ፣ እንግሊዝኛው ላይ በእነሱ። ሁለቱንም በአንድ መስመር መደርደር አያስፈልግም። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፤ የእነሱ አዲስ ዓመት ሲገባ ስምንት ይሆናል። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የተሳሳተ ዓመት የሚበዛው ለዚህ ነው። ወሩን በስም ጻፉ እንጂ በቁጥር አትጻፉ። 05/06 ለአሜሪካዊ ሜይ 6 ነው፤ ለአውሮፓዊ ጁን 5።

«ይቅርታ» በእንግሊዝኛ የትኛው ቃል ነው?

የኛ «ይቅርታ» ሁሉን ቻይ ነው። ሰው ለማለፍም፣ ሰው ገፍተንም፣ ትልቅ በደል ሠርተንም ይቅርታ እንላለን። እንግሊዝኛው ይከፋፍለዋል።

«ኤክስኪዩዝ አስ» የሚለው ለመተላለፊያ ነው፤ ደብዳቤ ላይ አይገባም። «ሶሪ» ቅርብ ነው፣ ሞቅ ያለ ነው፤ በቃል ሲነገር ጥሩ ነው፤ መደበኛ ደብዳቤ ላይ ብቻውን ይቀላል። «ሪግሬት» አዝነናል ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የተማረ ቃል ስለሚመስል ይመርጠዋል። ግን የሚያዝን ሰው ጥፋተኛ ላይሆን ይችላል። ጎረቤቱ ሲዘረፍም ያዝናል። ስለዚህ እንግዳዋ ስታነበው «አዝነናል ግን እኛ አይደለንም» ብላ ትረዳዋለች። ጥፋቱ የሆቴሉ ከሆነ «አፖሎጃይዝ» ነው የሚባለው፤ ያጠፋ ሰው የሚጠቀምበት ቃል ነው።

ከዚህ የባሰው «ፎር ኤኒ ኢንኮንቪኒየንስ» የምትለዋ ናት። ሁሉም ሆቴል ይጽፋታል። «ተጉላልተው ከሆነ» እንደማለት ነው። ሴትዮዋ በረራ አምልጧት፣ ሎቢ ውስጥ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ነግቶባት፣ «ከሆነ» ይባላል? ምን እንደሆነች በስሙ ጥሩት፤ በረራ አመለጣት፣ አንድ ሌሊት ጨምራ አደረች።

አማርኛውም የራሱ ማምለጫ አለው። «ለተፈጠረው ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን» እንላለን። ማን ፈጠረው? ዓረፍተ ነገሩ አይናገርም። ይህን ወደ እንግሊዝኛ ስታዞሩት ችግሩ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። «በሰዓቱ መኪና ስላላቀረብንልዎ» በሉ። አድራጊው «እኛ» ይሁን።

ሙሉ ደብዳቤ አሳየን።

አማርኛው ይህ ነው፤ በመጨረሻ የላክነው ነው ማለት ይቻላል፤ ስም ብቻ አውጥቻለሁ።

ቀን፦ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም

ለክብርት (የእንግዳዋ ሙሉ ስም)

ጉዳዩ፦ መኪና በሰዓቱ ስላላቀረብንልዎ ይቅርታ ስለመጠየቅ

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ወደ ሀዋሳ አየር ማረፊያ የሚወስድዎ መኪና እንድናዘጋጅ ጠይቀውን ነበር። እኛም ተቀብለናል። መኪናው ግን የቀረበው ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። በዚህ ምክንያት በረራዎ አምልጦዎታል፤ አንድ ሌሊት ጨምረው ለማደርም ተገደዋል። ጥፋቱ የሆቴላችን ነው፤ ይቅርታ እንጠይቅዎታለን።

እርስዎ ሰዓቱን የነገሩን በትክክል ነው። ሠራተኛችን የሰሙትን ሰዓት ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሳይቀይሩ በመመዝገባቸው ሹፌሩ ስድስት ሰዓት ያህል ዘግይተው መጥተዋል። ጠዋት ሎቢ ሲጠብቁም እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው በቦታው አለመኖሩ ሁለተኛው ጥፋታችን ነው።

ለተጨማሪው ሌሊት የከፈሉትን 5,060 ብር በከፈሉበት ካርድ እንመልሳለን። አየር መንገዱ ለትኬት ለውጥ ያስከፈለዎትን ደረሰኝ ከላኩልንም ያንኑ እንተካለን።

ከጥር 14 ጀምሮ የመኪናና የማንቂያ ጥሪ መዝገባችን ሰዓትን በሁለቱም አቆጣጠር የሚያስጽፍ ሆኗል። እንግዳውም ሰዓቱን አይቶ ይፈርምበታል።

ከሰላምታ ጋር
(ስም፣ ፊርማ፣ ማኅተም)
ሥራ አስኪያጅ

ግልባጭ፦ ለሂሳብ ክፍል

እንግሊዝኛው ከዚህ በምን ይለያል?

ይቅርታው ወደ መጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ከመምጣቱ ሌላ፣ በሦስት ቦታ። «ጉዳዩ» የሚለው መስመር ያጥራል፤ «የጃንዋሪ 20 መኪናዎ» የሚል ሐሳብ ይበቃል። ግልባጩ ይወጣል፤ ሂሳብ ክፍላችሁ ለእሷ ምኗም አይደለም። ሦስተኛው፣ ሁለተኛው አንቀጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመርበታል፤ በኢትዮጵያ የቀን ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ እንደሆነ፣ የእሷ ስድስት የኛ አሥራ ሁለት እንደሆነ። አማርኛ አንባቢ ይህን ማንም እንዲነግረው አይፈልግም። እሷ ግን ካልተነገራት ስንፍና ብቻ ነው የሚታያት።

ቦታው ግን ወሳኝ ነው። ማብራሪያው ከይቅርታው በፊት ከመጣ ሰበብ ይሆናል። ከይቅርታው በኋላ፣ «እርስዎ በትክክል ነው የነገሩን» ከሚለው ቀጥሎ ሲመጣ ማብራሪያ ይሆናል። መጀመሪያው ረቂቃችን «እንግዶች የኢትዮጵያን ሰዓት ቢያውቁ መልካም ነው» የሚልም ነበረው። ሰረዝኩት። የሀገራችንን አቆጣጠር እኔም እወደዋለሁ፤ ግን በእንግሊዝኛ ጠይቃን «ኦኬ» ያልነው እኛ ነን።

ገንዘቡን ስጽፍ የክፍሉን ዋጋ ነው ወይስ የደረሰኙን?

የደረሰኙን። የክፍሉ ዋጋ 4,000 ብር ነበር። 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመር 4,400፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት 660፤ በድምሩ 5,060። ከካርዷ የወጣው ይህ ነው። «የአንድ ሌሊት ክፍያ 4,000 ብር እንመልሳለን» ብላችሁ ብትጽፉ ለእናንተ እውነት ነው፤ ለእሷ ግን 1,060 ብር ተቀንሶባታል። «አንድ ሌሊት እንመልሳለን» ብቻ ማለትም አይበቃም። ቁጥሩ ይጻፍ፣ በሁለቱም ላይ አንድ ይሁን፣ በብር ይሁን። ወደ ዶላር ቀይራችሁ ከጻፋችሁ ምንዛሪው ሲለዋወጥ ጣጣው የናንተ ነው።

የትኬቱን ነገር ባለቤቱ ሳይፈቅድ እንዳትጽፉት። ደብዳቤው አንዴ ማኅተም ካረፈበት ቃል ነው። ካልተፈቀደ ዝም በሉ እንጂ «እናያለን» አትበሉ። «ሌላ ጊዜ ሲመጡ አንድ ሌሊት በነፃ» የሚለውንም አልወደውም። በረራ ያመለጠባት ሰው ተመልሳ መምጣቷን ማን አረጋገጠላችሁ?

የሠራተኛውን ስም ልጥቀስ? ቅጣቱንስ?

አይ። እንግዳዋ የምትጽፈው ለሆቴሉ ነው፤ የሚመልሰውም ሆቴሉ ነው። «ሠራተኛው ከደመወዙ ይቆረጥበታል» ብሎ መጻፍ አንዳንድ አስተዳዳሪዎች ጥንካሬ ይመስላቸዋል። ብዙ የውጭ አገር እንግዶች ይህን ሲያነቡ ይደነግጣሉ፤ «እባካችሁ ልጁን አትንኩት» ብላ የጻፈች አለች። በዚያ ላይ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ እንደፈለጋችሁ እንድትቆርጡ አይፈቅድም። የማይፈቀደውን ነገር በማኅተም አስደግፋችሁ መጻፍ ምን ይባላል?

ስሟን እንዴት ልጻፍ? ወይዘሮ ናት ወይዘሪት?

አትገምቱ። አማርኛው ላይ «ክብርት» ብላችሁ ሙሉ ስሟን፤ እንግሊዝኛው ላይ «ሚዝ» ብላችሁ የቤተሰብ ስሟን። «ሚዝ» ያገባችም ያላገባችም አይልም። እኛ ሰው የምንጠራው በራሱ ስም ነው፤ እነሱ በመደበኛ ደብዳቤ በቤተሰብ ስም ነው። ፊደሉን ከፓስፖርት ኮፒው ላይ ገልብጡ፤ ሪሴፕሽን ላይ በጆሮ ከተጻፈው አትውሰዱ። መልስ ስትጽፍላችሁ ደግሞ በአባታችሁ ስም «ሚስተር» ብትላችሁ አትደነቁ።

ማኅተም የግድ ነው? በኢሜይል አይበቃም?

ለይቅርታው ኢሜይል ይበቃል። ግን ብዙዎቹ የጉዞ ኢንሹራንስ አላቸው፤ ያጡትን ለመጠየቅ ከሆቴሉ ቀንና ምክንያት የያዘ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። ስለዚህ አርማችሁ ባለበት ወረቀት አትማችሁ፣ ፈርማችሁ፣ ማኅተም አድርጋችሁ፣ ሁለቱንም ስካን አድርጋችሁ በአንድ ፋይል ላኩ፤ እንግሊዝኛው ይቅደም። ማኅተሙ ፊርማውንና ቁጥሮቹን እንዳይሸፍን። የኢሜይሉ አካል ላይ ሁለት መስመር ብቻ፣ «ደብዳቤው ተያይዟል፣ ይቅርታ እንጠይቃለን»።

በስንት ቀን ውስጥ?

ቅሬታው በደረሰ ማግስት «ደርሶናል፣ መዝገባችንን እያየን ነው፣ እስከ ዓርብ እንመልሳለን» የሚል አጭር መልእክት። ሙሉው ደብዳቤ ባላችሁት ቀን። የኛ ቅሬታ ረቡዕ ደረሰ፣ ደብዳቤው ዓርብ ወጣ። ሁለቱ ቀን የሄደው አማርኛና እንግሊዝኛውን በማስተያየት ነው።

ከመላኬ በፊት በምን ላረጋግጥ?

ሁለት ሰው አስቀምጡ። አንዱ አማርኛውን ይዞ ቁጥሮችን ብቻ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ብር። ሌላው እንግሊዝኛውን ይዞ እየቀየረ ይመልስለት። ደብዳቤውን ያልጻፈ ሰው ቢሆን ይሻላል። እኛ ሹፌሩን ነበር ያስቀመጥነው። ሰዓቱ ላይ ሲደርስ ሳቀና «አሁን ገና ገባኝ» አለ።